«ባንይዝ እመርጣለሁ»፦ ከአንድ መልካም ቀጠሮ በኋላ የሚጻፍ እምቢታ

(በደብረ ብርሃን ለወጣቶች ከተደረገ ንግግር ለንባብ ተስተካክሎ የቀረበ)

እንደምን ዋላችሁ። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንዲት አጭር መልእክት ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ጊዜ ተገናኝተዋል። ቡና ጠጥተዋል፣ ተጫውተዋል፣ ማንም ማንንም አላስቀየመም። ከሁለቱ አንዱ ግን ወደ ቤቱ ሲመለስ ልቡ ወደዚያ እንዳላደላ ያውቀዋል። በማግስቱ ሌላኛው «መቼ እንገናኝ?» ብሎ ይጽፋል። ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ነው ርእሳችን።

ባለጌን ወይም ውሸታምን እምቢ ማለት ብዙም አይከብድም። ምክንያቱ እዚያው አለ፤ ሰውዬው ራሱ አምጥቶታል። የሚከብደው ጥሩውን ሰው እምቢ ማለት ነው፤ የሚጠቀስበት ጥፋት የለውማ። ጥፋት ሲታጣ ደግሞ ሰው ምክንያት ይፈጥራል። ሥራ በዛብኝ፣ ቤተሰብ አለብኝ፣ ሩቅ ነህ፣ ገና አልተዘጋጀሁም ይላል። ብዙ ሰው መልእክቱ ደርቆብኝ ይሆን እያለ ይጨነቃል። መልእክቱን የሚያበላሸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ድርቀቱ አይደለም፤ በይሉኝታ የተፈጠረችው ምክንያት ናት። ለምን እንደሆነ አንድ ምሳሌ ይዘን እንየው።

ልጅቷ እዚሁ ደብረ ብርሃን ትሠራለች እንበል። ልጁ ሸዋሮቢት ያለ የግብርና ባለሙያ ነው። ያስተዋወቀቻቸው የልጅቷ የሥራ ባልደረባ ናት፤ ለልጁ የአክስት ልጅ ትሆነዋለች። ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ ተሳፍሮ፣ ጣርማበርን ወጥቶ፣ ከ90 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ መጣ። ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጡ። ስለ ማሾ አዝመራ አጫወታት፤ እሷም ከልቧ አዳመጠችው። ሒሳቡን እሱ ከፈለ። ሲለያዩ «በጣም ደስ ብሎኛል» ተባባሉ፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። እሑድ ከሰዓት በቴሌግራም «የሚቀጥለው ቅዳሜ ይመችሻል?» ብሎ ጻፈላት። እሷ ደግሞ ሰውየውን አክብራዋለች እንጂ አልወደደችውም።

እንዲህ ያለ ሰው በመጀመሪያ የሚጽፈው ረቂቅ ብዙውን ጊዜ ይህን ይመስላል፦

«ሰላም ወንድሜ እንዴት ነህ፣ ይቅርታ ቆየሁብህ ሰሞኑን ሥራ በዝቶብኝ ነው። የቅዳሜው በጣም ደስ የሚል ነበር፣ እንዳንተ ዓይነት ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። ግን ለጊዜው ለግንኙነት ዝግጁ የሆንኩ አይመስለኝም፣ ቤትም ብዙ ነገር አለብኝ፣ አንተም ሩቅ ነህ። እግዚአብሔር ካለ ወደፊት እናያለን። እባክህ እንዳትቀየመኝ፣ ጓደኛሞች እንሁን።»

የክፋት ቃል የለባትም። ከደግ ሰው እጅ እንደወጣች ታስታውቃለች። አሁን ግን በልጁ ዓይን እናንብባት። እሱ የሚያነበው ተስፋ አድርጎ ነው፤ ተስፋ ያደረገ ሰው ደግሞ ከመልእክቱ ውስጥ የሚለቅመው በሩን ገርበብ የሚያደርገውን ቃል ነው።

«ሰሞኑን ሥራ በዝቶብኝ» ሲል ያነብና «ሰሞኑ» እስኪያልፍ ይጠብቃል። የወር መጨረሻ ካለፈ በኋላ «አሁንስ ቀለል አለልሽ?» ብሎ ይጽፋል፤ ጥፋቱም የእሱ አይደለም። «ሩቅ ነህ» የሚለውን ሲያነብ መንገዱ ነው ችግሩ ብሎ ያስባል፤ ችግር ደግሞ መፍትሔ ይፈለግለታል፤ «በየሁለት ሳምንቱ እመጣለሁ»፣ ሲብስም «ዝውውር እጠይቃለሁ» ይላል። «ለጊዜው» የምትለው ቃል ብቻዋን መልእክቱን በሙሉ ታፈርሰዋለች፤ የጊዜ ገደብ ያለው እምቢታ ቀጠሮ ነውና። «እግዚአብሔር ካለ ወደፊት እናያለን» የሚለውን እኛ አገር ሰው በትሕትና ይለዋል፤ ብዙ ሽማግሌ እምቢ ሲል እንዲሁ ይላል፤ ተስፋ ያደረገው ሰው ግን እንደ ቃል ኪዳን ይወስደዋል።

«እንዳንተ ዓይነት ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም» የሚለው ምስጋና ለሌላ ዓይነት መልእክት የተሰፋ ነው። ከእሱ በኋላ «ግን» ሲመጣ ሰውየው ግራ ይጋባል፤ እንዲህ ከሆንኩ ታዲያ ምን ጎደለኝ ይላል። «እንዳትቀየመኝ» ደግሞ ሸክሙን ያዞራል። እምቢ የተባለው እሱ ሆኖ ሳለ እሷን የማጽናናት ሥራ ይሰጠዋል፤ «ኧረ ምንም አይደል» ብሎ መመለስ ግዴታው ይሆናል። «ጓደኛሞች እንሁን» የምትለውን ልጅቷ ከልቧ ማለቷን ራሷን ትጠይቅ። በሚቀጥለው ወር ደውላ «ቡና እንጠጣ» ትለዋለች? የማትለው ከሆነ ባዶ ግብዣ ነው፤ ልጁ ይቀበለውና ሁለተኛ እምቢታ ያስፈልጋል።

«ወንድሜ» የምትለዋን ለብቻዋ እንያት፤ ብዙ ክርክር የሚነሳባት ናት። እኛ ዘንድ «ወንድሜ» እና «እህቴ» የአክብሮት ቃላት ናቸው፤ ባለሱቁንም የባጃጅ ነጂውንም እንጠራባቸዋለን። ቅዳሜ በስሙ ስትጠራው ውላ እሑድ «ወንድሜ» ስትለው ግን ያችው ቃል አጥር ትሆናለች። ሰውየው ይገባዋል፤ የሚገባው ግን በሽሙጥ እንደተነገረ ነገር ነው። እምቢታው በግልጽ ከተጻፈ ይህ አጥር አያስፈልግም፤ በስሙ ትጥራው።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ እሱም ግሡ ነው። በአማርኛ ዓረፍተ ነገሩ የሚታሰረው መጨረሻ ላይ ነው። አንባቢው «ሁለተኛ ቀጠሮ» የሚለውን ቃል አንብቦ እስከ ግሡ ድረስ እንያዝ ይሁን አንያዝ አያውቅም። ስለዚህ እምቢታው ያለበት ዓረፍተ ነገር አጭር መሆን አለበት። አምስት ሐረግ በ«ምክንያቱም» እና በ«እንዲሁም» ተቀጣጥሎ ግሡ በአራተኛው መስመር ላይ ሲመጣ፣ አንባቢው እስከዚያ ድረስ ትንፋሹን ይዞ ነው የሚወርደው።

የግሡ ምርጫስ? አራት ያህል አማራጮች በሰው አፍ ላይ አሉ። «አልችልም» የብዙ ሰው ምርጫ ነው፤ ለስላሳ ይመስላል፣ ነገር ግን አቅም ማጣትን ነው የሚናገረው። አቅም ያጣ ሰው ይረዳል፤ ስለዚህ ልጁ ሊረዳት ይነሣል። «አልፈልግም» እውነት ነው፣ ግልጽም ነው፤ ሆኖም በጽሑፍ ሲታይ ፊት ላይ እንደተዘጋ በር ይከብዳል፤ ለደጋገመ ሰው ይቀመጥ። «ባንቀጥል ይሻላል» የሚለው በጣም የተለመደ ነው፣ ጥሩም ነው፤ አንድ ቀዳዳ ግን አለው። «ይሻላል» አስተያየት ነው፤ አስተያየት ደግሞ ይሟገቱታል፤ «ለማን ነው የሚሻለው? እኔ አይመስለኝም» ይባላል። እኔ የማስቀድመው «ባንይዝ እመርጣለሁ» የሚለውን ነው። «ባን-» ብሎ ሲጀምር ትሕትናው አለ፤ «እመርጣለሁ» ሲል ምርጫው የማን እንደሆነ ይታወቃል። ሰው የሌላውን ምርጫ ሊያዝንበት ይችላል እንጂ ስሕተት ነው ብሎ ሊያርመው አይችልም።

ግሡን ከመረጣችሁ በኋላ የሚያላሉትን ቃላት ከአጠገቡ አንሡ፦ «ለጊዜው»፣ «ምናልባት»፣ «ይመስለኛል»፣ «ትንሽ»፣ «እስቲ»። «ባንይዝ የምመርጥ ይመስለኛል» ያለች ሴት ገና አልወሰነችም ማለት ነው፤ ልጁም እንድትወስን ይጠብቃታል።

ምክንያት ጭራሽ አይጻፍ ወይ? አንድ ምክንያት ይጻፍ፣ እሱም እውነተኛው። በዚህ ጉዳይ እውነተኛው ምክንያት ስሜቱ አለመምጣቱ ነው። «ከትውውቅ ያለፈ ስሜት አላደረብኝም» የሚለው አባባል ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ያደርጋል። ትውውቁ መልካም እንደነበር ይተዋል፤ የጎደለው ከእሱ ሳይሆን ከእሷ ስሜት መሆኑን ይናገራል፤ ያለፈ ነገር አድርጎም ይዘጋዋል። «አልተግባባንም» እንዳትሉ፤ ጠብ የነበረ ያስመስላል፣ እነሱ ደግሞ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተግባብተው ነበር። «አልጣምከኝም» ማለት ስለ ሰውየው መፍረድ ነው። «ኬሚስትሪ የለንም» የሚለውን ወጣቶች ይሉታል፤ በንግግር ያልፋል፣ በጽሑፍ ግን ቀዝቃዛ ነው፤ «የለንም» ብሎ ስለ እሱም ስሜት ይወስናል፤ የእሱ ሊኖር ይችላል እኮ።

ምስጋናው ደግሞ ከግሡ በፊት ይገባል፣ አንድ የታወቀ ነገር ላይ ያርፋል። «ጥሩ ሰው ነህ» ለማንም ይላካል። ልጁ ያን ሁሉ መንገድ መምጣቱ፣ ስለ ማሾ ማጫወቱ፣ እነዚህ የእሱ ብቻ ናቸው። ይሁን እንጂ ምስጋናው ስላደረገው ነገር ይሁን፣ ስለ መልኩ፣ ስለ ሳቁ ወይም ስለ ዓይኑ አይሁን። «አነጋገርህ ከአእምሮዬ አልወጣም» ብላችሁ «አልቀጥልም» ብትሉ፣ የመጀመሪያውን ነው ቆርጦ የሚያስቀረው። የከፈለውን የቡና ሒሳብም በቴሌብር ልመልስ የምትሉ አላችሁ፤ ተዉት። ሐሳቡ ቀና ነው፣ ዕዳ አይኑርብኝ ነው፤ ለተቀባዩ ግን ግብዣው ራሱ እንደተጣለበት ነው የሚሆነው። «ስለ ግብዣው አመሰግናለሁ» ይበቃል።

አጠራሩ እንዳይለወጥም ተጠንቀቁ። ቅዳሜ «አንተ» እና «አንቺ» ተባብለው ከነበረ እሑድም እንደዚያው ይሁን። አንዳንድ ሰው አክብሮት ለማሳየት ብሎ በእምቢታው ላይ ወደ «እርስዎ» ይሻገራል። በእኩዮች መካከል ይህ አክብሮት አይመስልም፤ ኩርፊያ ይመስላል። መጀመሪያውኑ በ«እርስዎ» የተነጋገሩ ከሆነ ደግሞ በዚያው ይቀጥሉ፤ ግሡም «ባንይዝ እመርጣለሁ» እንዳለ ይሠራል፣ መጨረሻው ብቻ «እመኝልዎታለሁ» ይሆናል። «ውዴ»፣ «የኔ ቆንጆ»፣ ስም ላይ የምትለጠፈው «-ዬ»፣ ልብና አበባ የያዙ ምስሎችም ይቅሩ።

እንግዲህ ረቂቁን እንዲህ አድርገን እንጻፈው፤ በስሙ ቦታ ስሙ ይገባል፦

«ሰላም፣ እንዴት ዋልክ? ቅዳሜ ያን ሁሉ መንገድ መጥተህ ስላገኘኸኝ፣ ስለ ግብዣውም አመሰግናለሁ፤ ስለ ማሾ ያጫወትከኝን ወድጄዋለሁ። አስቤበት ነው የምጽፍልህ። ከትውውቅ ያለፈ ስሜት አላደረብኝም፤ ስለዚህ ሁለተኛ ቀጠሮ ባንይዝ እመርጣለሁ። ሳልነግርህ እንድትጠብቅ አልፈለግሁም። መልካሙን ሁሉ እመኝልሃለሁ።»

ስንት ነገር እንደቀረ ተመልከቱ። ይቅርታ የለም፤ አላጠፋችምና። ጥያቄ የለም፤ «እንዴት ዋልክ» ሰላምታ ነው፣ ከዚያ ውጭ ግን መልስ የሚጠይቅ ዓረፍተ ነገር አልገባም። «አስቤበት ነው» የምትለው አጭር ዓረፍተ ነገር ሁለት ሥራ አላት። የሚመጣው ከባድ መሆኑን አስቀድማ ትነግረዋለች፤ በስሜት ተነሣስታ እንዳልጻፈችም ታሳውቃለች። «እንድትጠብቅ አልፈለግሁም» የሚለው ለምን እንደጻፈች ይነግረዋል፤ ዝም ማለት ትችል ነበር፣ ለእሱ ጊዜ ብላ ነው የጻፈችው።

ወንድ ለሴት ሲጽፍም አካሄዱ አንድ ነው፤ «ስላገኘሽኝ»፣ «እመኝልሻለሁ» እያለ ይሄዳል። ወንዶች በብዛት የሚሳሳቱት አንድ ቦታ ላይ ነው፤ «አንቺ ከእኔ የተሻለ ይገባሻል» ይላሉ። ይህን ያነበበች ሴት አታምነውም፤ ብታምነውም ቁጭ ብላ ታጽናናዋለች። የሚገባትን እሷ ታውቃለች፤ እሱ የራሱን ምርጫ ይናገር።

መልእክቱ ከተጻፈ በኋላ የሚላክበት መንገድ ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። በቴሌግራም ስትጽፉ በሌላኛው ስልክ ላይ እየጻፋችሁ መሆኑ ይታያል። ግማሽ ሰዓት ስትጽፉ ስትሰርዙ ልጁ እዚያ ማዶ «እየጻፈች ነው» የሚለውን እያየ ይቀመጣል። ስለዚህ ረቂቁን «Saved Messages» በሚለው የራሳችሁ ማኅደር ውስጥ ጨርሱት፤ ከዚያ ገልብጣችሁ በአንድ ጊዜ ላኩት። ቴሌግራም የተላከ መልእክት እስከ 48 ሰዓት ድረስ እንዲታረም ይፈቅዳል፤ ሲታረም ግን የታረመ መሆኑ አጠገቡ ይጻፋል። እምቢታ ላይ ያ ምልክት ሲታይ አንባቢው ከመታረሙ በፊት ምን ይል ነበር እያለ ይጨነቃል።

ሰላምታውን ለብቻው አትላኩት። እኛ ሰላምታ እንወዳለን፤ «ሰላም» ብለን እንልካለን፣ «ሰላም ነው፣ እንዴት ነሽ፣ ቤተሰብ ሰላም ነው?» ይላል፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» እንላለን። ልጁ መልእክቷ በመምጣቱ ፊቱ በርቶ ሦስት ጊዜ ከተመላለሰ በኋላ እምቢታው ሲወድቅበት፣ ያ ሰላምታ ሁሉ ማሳሳቻ ይመስለዋል። ሰላምታ፣ ምስጋና፣ ውሳኔ፣ ምኞት በአንድ መልእክት ውስጥ ይሁኑ። ስልኩ ሳይከፈት ገጹ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚታየው የመጀመሪያው መስመር እንደሆነም አስታውሱ። ልጁ መሥሪያ ቤት ከሰዎች ጋር ተቀምጦ ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ሊሆን ይችላል። መስመሩ በሰላምታና በምስጋና ከጀመረ ጎረቤቱ የሚያነበው ምስጋናውን ነው፤ ውሳኔውን እሱ ከፍቶ ለብቻው ያነበዋል።

ዳታ የሌለው ሰው ጋር በተራ አጭር መልእክት መጻፍ ይመጣል። እዚህ ላይ ማወቅ የሚገባ ነገር አለ፤ በላቲን ፊደል የተጻፈ አንድ አጭር መልእክት 160 ፊደል ሲይዝ በግእዝ ፊደል የተጻፈው የሚይዘው 70 ብቻ ነው፤ ክፍት ቦታውም አራት ነጥቡም ይቆጠራሉ። ከ70 ካለፈ ይከፈላል፤ ሲከፈል እያንዳንዱ ክፍል 67 ይይዛል። አብዛኛው ስልክ ክፍሎቹን መልሶ ይገጥማቸዋል፤ ኔትወርክ ሲደክም ግን አንዱ ቀድሞ ሌላው ሊዘገይ ይችላል። ይህ ለምን እንደሚያሳስብ ይህን ተመልከቱ፦

«ሰላም። ቅዳሜ መጥተህ ስላገኘኸኝ አመሰግናለሁ። ከትውውቅ ያለፈ ስሜት ስላላደረብኝ ሁለተኛ ቀጠሮ ባንይዝ እመርጣለሁ። መልካሙን ሁሉ እመኝልሃለሁ።»

91 ፊደል ነው፤ ሁለት ክፍል ይሆናል። የመጀመሪያው ክፍል የሚያበቃው የት ነው? «ባንይዝ እ» ላይ ነው። ግሡ ለሁለት ተሰንጥቆ ሁለተኛው ክፍል እስኪደርስ ልጁ ያልተጨረሰ ዓረፍተ ነገር ላይ ይቀመጣል። «ቅዳሜ መጥተህ ስላገኘኸኝ» የሚለውን «ስለ ቅዳሜው» ብላችሁ ብታሳጥሩት መልእክቱ 83 ፊደል ይሆናል፤ «እመርጣለሁ»ም ከነአራት ነጥቡ በ65ኛው ላይ ያልቃል። እምቢታው ሙሉውን በመጀመሪያው ክፍል ውስጥ ገባ ማለት ነው፤ ሁለተኛው ቢዘገይ የሚዘገየው ምኞቱ ብቻ ነው። መንገዱን ማመስገኑ ቀረ፤ እሱ ያሳዝናል፣ ግሡ ከሚሰበር ግን ይሻላል። ለማሳጠር ብላችሁ አማርኛውን በላቲን ፊደል አትጻፉት፤ «አልቀጥልም» በላቲን ሲጻፍ አነባበቡ ይደናበራል፣ እምቢታ ሁለት ጊዜ እየተደጋገመ እየተነበበ መፈታት የለበትም።

ስልክ መደወልስ? ከአንድ ቀጠሮ በኋላ ጽሑፉ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። በስልክ ሲሆን ልጁ ወዲያው መልስ መስጠት አለበት፤ ድምፁ እንዳይሰበር እየታገለ «ችግር የለም» ይላል። ጽሑፍ ብቻውን የሚሆንበት ጊዜ ይሰጠዋል። ሦስትና አራት ጊዜ ከተገናኙ፣ ቤተሰብ ከተዋወቁ ግን ይህ ሁሉ ያበቃል፤ ያኔ ፊት ለፊት ነው።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ጥያቄው በመጣ በ24 ሰዓት ውስጥ መልሱ ቢሄድ ጥሩ ነው። ሲዘገይ እያንዳንዱ ቀን ለልጁ እንደ ተስፋ ይቆጠራል፤ ለልጅቷም መልእክቱ ይረዝማል፣ የዘገየችበትን ማስረዳት ይጀምራታልና። ከሥራ ሰዓት በኋላ፣ ከምሽቱ በፊት፣ ከ11 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ደኅና ነው። ጠዋት ከሆነ ቀኑን ሙሉ በሥራ ላይ ይዞት ይውላል፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት ከሆነ እንቅልፍ ይነሣዋል። የበዓል ዋዜማ ከሆነ አንድ ቀን ይለፍ። እሱ ጥያቄ ካልጻፈ፣ እሷም ካልጻፈች፣ ሳምንት ካለፈም ነገሩ በራሱ ተዘግቷል፤ ያልተጠየቀ እምቢታ መላክ አያስፈልግም። ሲለያዩ «እደውልልሃለሁ» ብላ ከሆነ ግን ዕዳ አለባት፤ ትጻፍ።

ከሁሉም በላይ እኛ አገር መልእክቱን የሚያበላሸው ሦስተኛው ሰው ነው። በምሳሌአችን ያስተዋወቀቻቸው የሥራ ባልደረባዋ ናት፤ ሰኞ ጠዋት ገና ሻይ ሳይቀርብ «እንዴት ሆነ?» ትላለች። ልጅቷ እውነቱን ከነገረቻት ወሬው ማታውኑ ሸዋሮቢት ይገባል። ልጁ እምቢታውን ከአክስቱ ልጅ አፍ ከሰማ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ትሑት መልእክት ዋጋ የለውም፤ እንደ ተዋረደ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እሱ መጀመሪያ፣ አስተዋዋቂዋ በኋላ ነው። መልእክቱ ገና ካልተላከ ለባልደረባዋ «ጥሩ ጊዜ ነበር፣ የቀረውን ለእሱ ነግሬው እነግርሻለሁ» ማለት ይቻላል። የቴሌግራም ምልክቱ ሁለት ሆኖ መነበቡ ከታየ በኋላ ደግሞ «የተከበረ ሰው ነው፤ እኔ ግን ስሜቱ አልመጣልኝም፣ ነግሬዋለሁ» በቂ ነው። ዝርዝር አይጨመር። «ወሬ ይወዳል»፣ «ጫማው» የምትለዋ ትንሽ ነገር እንኳ ተመንዝራ ነው የምትደርሰው።

አስተዋዋቂዋ ልታግባባ ትችላለች፤ «አንድ ቀን አይታወቅም፣ ደግሞ ሞክሪው» ትላለች። ነገሩ እውነትነት አለው፤ በሁለተኛው ቀን ልቡ የሄደለት ሰው አለ። ልጅቷ ራሷ እርግጠኛ ካልሆነች እምቢታውን ባትጽፍ ይሻላል፤ ትገናኘው። እርግጠኛ ከሆነች ግን ለአስተዋዋቂዋ ይሉኝታ ብላ የምትሄድበት ሁለተኛ ቀጠሮ ልጁን ሁለተኛ 90 ኪሎ ሜትር ያስመጣዋል።

መልሱ ሲመጣ በብዛት ከሦስቱ አንዱ ነው። «እሺ፣ ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ፣ መልካም ይሁንልሽ» ካለ «አሜን፣ ለአንተም» ብሎ መዝጋት ነው። ደስ ብሏት፣ እፎይ ብላ አምስት መልእክት እንዳትጨምር፤ ያ ሁሉ ሙቀት በሩን እንደገና ይከፍተዋል። «ለምን? ምን አጠፋሁ?» ካለ አንድ ጊዜ ይመለስለት፦ «ምንም አላጠፋህም። ስሜቱ ስላልመጣልኝ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም።» እዚህ ላይ ስሕተት እንዲዘረዘርለት የሚለምን አለ፤ ለራሴ እንዲጠቅመኝ ነው ይላል። አትዘርዝሩለት። የአንድ ሰው ልብ አለመሄዱ የማሾ ማሳ አይደለም፣ ጉድለቱ ተለይቶ ቢታረም ምርቱ አይመጣም፤ እሱ ግን የተነገረውን አንድ ነገር ይዞ ለዓመታት ራሱን ያርምበታል።

«አንድ ዕድል ብቻ ስጪኝ» ካለ ያንኑ ግሥ ደግሙለት፦ «ስለ ግልጽነትህ አመሰግናለሁ። ሐሳቤ ያው ነው፤ ባንይዝ እመርጣለሁ።» አዲስ ቃል አይፈለግ። ቃሉ በተለወጠ ቁጥር ውሳኔው እየተንቀሳቀሰ ይመስላል፤ ቃሉ ያው ሲሆን ውሳኔው ያው መሆኑ ይታያል። ሦስተኛ ጊዜ ከመጣ መልስ የለም። ስድብ፣ ዛቻ ወይም በር ላይ መቆም ከመጣ ደግሞ ስለ ትሕትና የተናገርኩት ሁሉ አይሠራም፤ መልእክቶቹን ሳታጠፉ አስቀምጡ፣ ዝጉት፣ ለቤተሰብ ተናገሩ፣ ካስፈለገም ለፖሊስ።

የምሳሌአችን ልጅ ግን እንደዚያ አይደለም። «ገብቶኛል» ብሎ ጻፈ፣ አለቀ። ከወር በኋላ ለአክስቱ ልጅ ሠርግ ደብረ ብርሃን ሲመጣ ድንኳን ውስጥ ፊት ለፊት ይገናኙ ይሆናል። ልጅቷ ዞራ ወደ ሌላ ወንበር አትሂድ፤ አጠገቡም ሄዳ ስለዚያ ቀን አታንሣ። «ሰላም ነው? መንገዱ እንዴት ነበር?» ትበለው፤ እጁን ጨብጣ ወደ ጓደኞቿ ትመለስ።